«ጠበበ፣ ልክ ነው ወይስ ሰፋ?»፦ አንዲት ጫማ ሻጭ ከደንበኞቿ እውነተኛ መልስ ያገኘችበት መንገድ

ይህ የጉዳይ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም የሴት ጫማ ስለምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ነው። የሰዎቹንም የሱቁንም ስም አልጠቅስም። እኔ የገባሁበት የሽያጭ መዝገቧን በማደራጀት ሳግዛት ነው። ሥራው ግን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጥያቄ ወሰደን፦ ገዝታ የሄደች ደንበኛ ጫማው እንዴት እንደሆነላት እንዴት ይታወቃል?

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገኝ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች እዚሁ ቦታ ላይ ሲቸገሩ ስለማይ ነው። አስተያየት ይጠይቃሉ፣ ምስጋና ይመጣላቸዋል፣ በምስጋናው ግን ምንም መወሰን አይችሉም።

## ዳራው

ሱቁ ግማሹ ማሳያ ግማሹ መጋዘን የሆነ አንድ ክፍል ነው። ጫማው ከቱርክና ከቻይና የሚመጣ ነው፤ የተወሰነውን ከመርካቶ አስመጪዎች ትረከባለች፣ የተወሰነውን ደግሞ በሻንጣ የሚያመጡላት ሰዎች አሉ። ፎቶው ቻናሉ ላይ ይለጠፋል። ደንበኛ ኢንቦክስ ትገባለች፣ ቁጥሯን ትናገራለች፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍላለች፣ ሞተረኛ ያደርስላታል። ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሱቁ ባለቤት የሆነችው ነጋዴዋ፣ ትዕዛዝ የምትቀበል አንዲት ልጅና ሞተረኛው።

ጫማ ሳይለኩ መግዛት ሁልጊዜ ችግር አለው። የአውሮፓ የሚባለው የቁጥር አሠራር ላይ ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ 38 ሁሉ አንድ መሆን ነበረበት። ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ጫማውን የሚወጥርበት ቅርጽ የራሱ ነው። የሁለት ፋብሪካ 38 ጎን ለጎን አድርገን የውስጥ ሶላቸውን በማስመሪያ ስንለካ፣ የአንዱ 38 ከሌላው 37 ጋር እኩል የሆነበት ጊዜ ነበር።

## ችግሩ

ቁጥሩ ያልሆነላት ደንበኛ ትደውላለች፣ ጫማው ይቀየርላታል። ይህ ወጪ አለው፤ ሞተረኛው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጫማው ሳይሸጥ ይቆያል። ቢሆንም ቢያንስ የሚታወቅ ነገር ነው። ባለቤቷን ያስጨነቋት የማይደውሉት ናቸው። ጫማው ጠቧት ለእህቷ የሰጠች ደንበኛ መዝገቡ ላይ የተሳካ ሽያጭ ሆና ነው የምትታየው። ተመልሳ ግን አትመጣም። ባለቤቷም ያንኑ ጫማ በዚያው ቁጥር እንደገና ታዛለች።

የፈለገችው እንግዲህ አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ሞዴል በየትኛው ቁጥር እንደሚያስቸግር ማወቅ፣ ያውም ቀጣዩን ዕቃ ከማዘዟ በፊት። ለዚህም ደንበኛ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ልትመልሰው የምትችል ጥያቄ ያስፈልግ ነበር።

## መጀመሪያ የተሞከሩት

የመጀመሪያው ጎግል ፎርም ነበር። 14 ጥያቄዎች ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስም፣ ስልክና የተገዛው ጫማ ዓይነት ነበሩ። ሦስቱም ሱቁ መዝገብ ላይ ቀድሞውኑ አሉ። ሊንኩ ለደንበኞች ተላከ፣ የሞሉት በጣም ጥቂት ነበሩ፣ የሞሉትም ከሞላ ጎደል በሁሉም ጥያቄ ላይ 5 ሰጡ።

ቀጥሎ ስልክ መደወል ተጀመረ። ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ ትደውላለች፦ «ሰላም እህቴ፣ ከጫማ ቤት ነው። ጫማውን እንዴት አገኘሽው?» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በርቱ።» ስልክ የሚያነሳው ሰው ብዙ ስለነበር ነገሩ የሠራ መሰለ። እውነቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በስልክ «ቆንጆ ነው» ያለች አንዲት ደንበኛ እህት ሱቁ ድረስ መጣች፣ ጫማውን አድርጋው ነበር። «እሷን ጠቧት ለእኔ ሰጠችኝ፣ ሌላ ቀለም አላችሁ?» አለች።

ይህች ደንበኛ አልዋሸችም። አንድ ሰው ደውሎ፣ በትህትና ድምፅ፣ «እንዴት አገኘሽው?» ሲልሽ ይሉኝታ ይይዝሻል። ጥያቄው ሱቁን ያስመሰግናል ወይ ያስወቅሳል። ደውላ የጠየቀችው ልጅም ምናልባት ተቀጣሪ ናት፤ እንጀራዋን ማን መንካት ይፈልጋል?

ሞተረኛው በር ላይ እንዲጠይቅ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ሆነ። ደንበኛዋ ጫማውን ገና ከካርቶኑ አላወጣችም። እሱም ሌላ የሚያደርሰው ዕቃ አለው፣ ሞተሩ እንደተነሳ ነው። ይህ ወዲያው ቀረ።

## አሥሩ ሰከንድ የት እንደሚያልቅ

ወደ ሌላ መንገድ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር አደረግን። ሱቁን የማታውቅ ሴት አስቀምጠን ፎርሙን በራሷ ስልክ እንድትሞላ ጠየቅናት፣ እኛ ሰዓት ያዝን። ይህን ማንም ነጋዴ ቢያደርገው ጥሩ ነው። ሰውየው ሲሞላ ምንም አለማስረዳት ነው፤ ጣቱ የት እንደሚቆም ብቻ ማየት።

ሊንኩን ነካች። ሌላ ገጽ ተከፈተ፣ ኔትወርኩ ዝግ ስለነበር ነጭ ሆኖ ቆየ። አሥሩ ሰከንድ አንደኛው ጥያቄ ሳይታይ አለቀ። ከዚያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ስጪ የሚል መጣ። እዚህ ላይ ጣቷ በ3 እና በ4 መካከል ቆመ። አንድ ሰው ስለ ጫማ 3 ይሁን 4 ብሎ አስቦ አያውቅም፤ አሁን እንዲያስብ እየተገደደ ነው። መጨረሻ ላይ «ሐሳብዎን ይጻፉ» የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ለመቀየር ሞከረች፣ ተወችው።

ከዚህ በመነሳት መልስ መስጠትን የሚያዘገዩት ሦስት ነገሮች እንደሆኑ ተስማማን፦ ከቻቱ መውጣት፣ ማሰብና መጻፍ። ከሦስቱ ማሰብን ማስቀረት ይከብዳል ብለን ነበር። መፍትሔው ግን ጥያቄውን መቀየር ሆነ። ደንበኛዋ ስለ ሱቁ ምን እንደምታስብ ብትጠየቅ ማሰብ አለባት። ጫማው እግሯ ላይ ጠበበ ወይ ብትባል ግን መልሱን እግሯ ቀድሞ ያውቀዋል።

ይሉኝታውም አብሮ ተፈታ። «ጠበበኝ» ማለት ማንንም አያሳዝንም። ስለ እግር እንጂ ስለ ሻጭ የተነገረ ነገር አይደለም። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ጥያቄውን ማሳጠር ብቻውን አልበቃም፤ ያው «እንዴት አገኛችሁን?» አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቢላክ ኖሮ አጭር ምስጋና ነበር የሚመጣው።

## የተላከው መልእክት

የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዲህ ይል ነበር፦

«ሰላም! ማክሰኞ የወሰድሽው ጥቁሩ ጫማ ቁጥሩ እንዴት ሆነ? 1 ጠበበ፣ 2 ልክ ነው፣ 3 ሰፋ። ቁጥሩን ብቻ ላኪልን።»

መልስ በብዛት መምጣት ጀመረ። ስልክ ሲነሳ ካየነው ፈጠነ እንጂ አልዘገየም፤ ብዙዎቹ መልእክቱን ባዩበት ቅጽበት ነው የላኩት። ግን ችግሮችም ወዲያው ታዩ፤ እያንዳንዱ መልእክቱን አሻሻለው።

አንዳንዷ ደንበኛ 3ን እንደ ከፍተኛ ውጤት አየችው። «3! በጣም ወድጄዋለሁ» ትላለች። ቁጥር ካየን ማርክ ነው ብለን ማሰብ ለምደናል። ቁጥሮቹን በ«ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ለመተካት ታሰበ፣ ግን ብዙ ሰው በላቲን ፊደል ስለሚጽፍ ኪቦርድ መቀየር ሊያስፈልገው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቀረና ሱቁ መልስ ሲደርሰው የገባውን በቃል መልሶ እንዲጽፍ ተደረገ፦ «ሰፋ ብለን መዘገብን፣ እናመሰግናለን።» የተሳሳተች «አይ፣ ልክ ነው» ብላ ታርማለች። «ልክ ነው»ም ወደ 1 ተዛወረ።

ሌላው ችግር ይበልጥ ስውር ነበር። ጫማውን ለስጦታ የገዙ ወይም ገና ያላደረጉት ሰዎች ምን ይመልሱ? ምርጫ ስላልነበራቸው «ልክ ነው» ይሉ ነበር። ይህ መልሱን በሙሉ ወደ ጥሩ ጎን ያዘነብለዋል። 4 «ገና አልተለካም» ተጨመረ። ቁጥሯ ቀላል ብትመስልም ያለ እሷ «ልክ ነው» የሚለውን ማመን አይቻልም ነበር።

«የወሰድሽው» የሚለውም ወጣ። ለሚስቱ የገዛ ባል አለ፣ «አንቺ» ሊባሉ የማይገባቸው እናቶች አሉ። ጥያቄው ስለ ጫማው ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ተጻፈ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ «ይላኩልን» ሆነ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተጨመረ፦ «መልሱ ለእኛ ብቻ ነው፣ አይለጠፍም።» ይህ የገበያውን ጠባይ ከማወቅ የመጣ ነው። ብዙ የቴሌግራም ሱቆች የደንበኛን ምስጋና ስክሪንሾት አድርገው ቻናላቸው ላይ ይለጥፋሉ። ደንበኛም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የጻፈችው ነገር ነገ ቻናል ላይ እንደሚወጣ እያሰበች ነው የምትመልሰው። ለማስታወቂያ የሚሆን ምስጋናና ለውሳኔ የሚሆን መልስ በአንድ ጥያቄ አይሰበሰቡም።

ቴሌግራም ለማይጠቀሙ ደንበኞች በኤስኤምኤስ ተላከ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፣ ባዶ ቦታውም ጭምር ይቆጠራል። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። ስለዚህ ወደዚህ አጠረ፦

«ጥቁሩ ጫማ 38 እንዴት ሆነ? 1 ልክ 2 ጠበበ 3 ሰፋ 4 አልተለካም። ቁጥሩን ይላኩልን»

ይህ ከ60 ፊደል በታች ስለሆነ ለሱቁ ስም ቦታ ይተርፋል። የሱቁ ስም ካልተጻፈ ሰው ከማን እንደመጣ አያውቅምና አይመልስም። በኤስኤምኤስ የመጣው መልስ ከቴሌግራሙ ያነሰ ነበር፤ መመለሱ ከደንበኛዋ ሒሳብ ስለሚቆርጥ አይገርምም።

የቴሌግራም ቦትም ታስቦ ነበር። በቦት ቁልፍ ተነክቶ ስለሚመለስ ይበልጥ ይፈጥናል። ነገር ግን ቦት ደንበኛዋ ራሷ ከፍታ Start ካላለችው መልእክት ሊጀምርላት አይችልም። ትዕዛዙ በቦት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር። እዚህ ሱቅ ትዕዛዝ የሚመጣው በኢንቦክስ ስለሆነ፣ ተራው ቻት ላይ መቆየቱ ተመረጠ።

## መቼ ይላክ?

በመጀመሪያ መልእክቱ የሚላከው ጫማው በደረሰበት ምሽት ነበር። መልሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ልክ ነው» ሆነ። ከቀናት በኋላ ግን ከእነዚሁ ሰዎች አንዳንዶቹ ለቅያሬ ደወሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ምሽት ላይ ተቀምጣ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ለሁለት ደቂቃ የተለካ ጫማ አይታወቅም። እግር ሲሄዱበትና ሲቆሙበት ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት በኋላ ሊጠብ ይችላል።

በጣም ሲዘገይ ደግሞ ደንበኛዋ ለቅያሬ ጊዜው አልፏል ብላ ዝም ትላለች። ጫማውም ስለሚለሰልስ መልሱ ይቀየራል። የተሻለው ሦስተኛው ቀን ሆነ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ተገብቶ ጫማ የሚወልቅበት ሰዓት። አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል። ላልመለሰች ደንበኛ መልእክቱ በድጋሚ አይላክም።

## መልሱ ምን ሠራ?

መልሶቹን የመመዝገቢያው መንገድ ቀላል ነበር። ባለቤቷ ከእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ባዶ ካርቶን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። መልስ ሲመጣ በካርቶኑ ጎን፣ በቁጥሩ ትይዩ፣ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ይደረጋል። እኔ የጀመርኩት የኤክሴል ሰንጠረዥ ነበር፣ ግን ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ ቀና ስትል የምታየው ካርቶኑን ስለሆነ ያ ይበልጥ አገለገለ።

ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ተወሰነ። ስለ አንድ ሞዴል ከመጡ አሥር መልሶች ሦስቱ «ጠበበ» ካሉ ፖስቱ ላይ «ከወትሮው አንድ ቁጥር ይጨምሩ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት የተባለው በጥናት ተሰልቶ አይደለም። ዋናው ነገር መልሱ ከመምጣቱ በፊት መወሰኑ ነው። አለበለዚያ ሰው የወደደውን ጫማ ለማዳን ሁልጊዜ ምክንያት ያገኛል።

አንድ ከቱርክ የመጣ ፍላት ጫማ ቶሎ ተለየ። «ጠበበ» በረከተ፣ ፖስቱ ተስተካከለ፣ ከዚያ በኋላ የገዙት «ልክ ነው» አሉ። የዚህ ጫማ ቅያሬ ቀነሰ።

ሁለተኛው ሞዴል ግን ሌላ ነገር አስተማረ። አፉ ሹል፣ ትንሽ ታኮ ያለው ጫማ ነው። እዚህም «ጠበበ» በዛ፣ እዚህም «አንድ ቁጥር ይጨምሩ» ተባለ። ትልቁን ቁጥር የወሰዱት ደግሞ «ሰፋ» ማለት ጀመሩ። ግራ አጋባ። አንድ ጫማ እንዴት ይጠባልም ይሰፋልም?

እዚህ ላይ አሥሩ ሰከንድ አልበቃም። ስለዚህ «ጠበበ» ላሉት ብቻ ሁለተኛ ጥያቄ ተላከ፦ «1 ጣት ላይ፣ 2 ርዝመቱ?» ከሞላ ጎደል ሁሉም ጣት ላይ አሉ። ቁጥር መጨመር ርዝመትን እንጂ ሹሉን አፍ ያን ያህል አያሰፋውም። ትልቁን የወሰዱት ጣታቸው ተመቻቸው፣ ተረከዛቸው ግን ወለቀ። ችግሩ ከቅርጹ ስለነበር በቁጥር አይፈታም። ባለቤቷ የቀረውን ካርቶን በቅናሽ ሸጣ ሞዴሉን ማዘዝ አቆመች። ቻናሉ ላይም «ሰፋ ላለ እግር አይሆንም» ብላ በግልጽ ጻፈች። ይህን መጻፏ ሽያጭ ይቀንስብኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ያገኘችው ግን ተጨማሪ የሚጠይቁ ደንበኞችን ነው።

## ያልሠራው

«ጠበበ» ላለች ሁሉ ቅያሬ እንቀበላለን መባሉ ትክክል ነበር። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይከፋል። ግን ቀለም ለመቀየር ብለው «ጠበበ» የሚሉ ጥቂቶች መጡ። ቅያሬው ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ቀለም፣ በሌላ ቁጥር ብቻ እንዲሆን ሲደረግ ይህ ቆመ።

በሌላ ጊዜ ጥያቄው ወደ ቀለም ተቀየረ፦ «ቀለሙ ከፎቶው ጋር አንድ ነው? 1 አዎ 2 አይ»። መልስ መጣ፣ ጥቅሙ ግን አነስተኛ ነበር። «አይ» ያለች ደንበኛ ጠቆረ ይሁን ፈዘዘ አይታወቅም። «ጠበበ» እና «ሰፋ» ግን ምን መደረግ እንዳለበት ራሳቸው ይነግራሉ።

ያልመለሱትን ደግሞ እንደረኩ መቁጠር አይቻልም። ይህን ለማጣራት ባለቤቷ ከእነሱ ለጥቂቶቹ ደውላ «ቁጥሩ ልክ ሆነ ወይስ ይቀየር?» ብላ ጠየቀች። ከእነሱም መካከል ጠቧቸው ዝም ያሉ ነበሩ። ሶል ከሁለት ወር በኋላ መለቀቁን የመሰለ ነገር በሦስተኛው ቀን ጥያቄ ከቶ አይታወቅም። ለዚያ ሱቁ አሁንም የሚጠብቀው ደንበኛ እስክትደውል ነው።

## ወደ ሌላ ሥራ ሲወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ንግድ የሚሄደው ጫማው አይደለም፣ ጥያቄው የተሠራበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ውሳኔው ይመረጣል፤ መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚቀየር ካልታወቀ ጥያቄው አይላክም። ቀጥሎ ከሁለት ጎን ስሕተት መሆን የሚችል ነገር ይፈለጋል፣ መሐሉ ልክ የሆነ። ከዚያ ደንበኛው ዕቃውን በእውነት የተጠቀመበት ሰዓት ይታሰባል።

እንጀራ ለቤት የሚያደርስ ሰው ለምሳሌ «ጣዕሙን ወደዱት?» ቢል «ይባርክ» ይባላል። «ኮምጣጣነቱ፦ 1 ልክ 2 በዛ 3 አነሰ» ቢል ግን በሚቀጥለው ቀን ሊጡን ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ያውቃል። የሚጠይቀውም ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊ እጅጌውንና ወገቡን ለየብቻ መጠየቅ አለበት፤ የሁለቱ ማስተካከያ ስለሚለያይ በአንድ «ልክ ነው?» ከተጠቀለለ እንደ ሹሉ ጫማ ግራ ያጋባዋል። ባትሪ የሚቀይር የስልክ ጠጋኝ ደግሞ ሁለት ጎን ያለው ጥያቄ የለውም፤ «ቻርጁ እስከ ማታ ቆየ? 1 አዎ 2 አይ» ይበቃዋል። እሱ ግን በማግስቱ ማታ መላክ አለበት፣ ምክንያቱም በሠራበት ቀን ስልኩ ከሱቁ የወጣው ሞልቶ ነው።